ከፍለው ለጨረሱት ብድር በስህተት የተመዘገበን «የተበላሸ ብድር» መረጃ በአበዳሪው ማሳረም

ብድሩን ጨርሶ የከፈለና ሊብሬውን ወይም ካርታውን የተረከበ ሰው ከዓመት በኋላ ሌላ ባንክ ዘንድ ሄዶ «በስምዎ የተበላሸ ብድር ይታያል» ሲባል፣ መጀመሪያ የሚያደርገው የክሊራንስ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ቀድሞው ባንክ መሮጥ ነው። እዚያ ያገኘው ሠራተኛም ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን አይቶ «የሲስተም ስህተት ነው፤ እናስተካክለዋለን» ይለዋል። ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል፤ ከሁለት ወር በኋላም የሚያገኘው መልስ ያው ነው። በባንክ የብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥያቄው በቃል ስለቀረበና ምን እንዲታረም እንደተፈለገ በትክክል ስላልተገለጸ ጉዳዩ ባለቤት አያገኝም። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በኢትዮጵያ ከባንክ ወይም ከማይክሮፋይናንስ ተቋም ተበድረው ከፍለው ለጨረሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

መረጃው ከየት እንደሚመጣ

አዲሱ ባንክ «የተበላሸ ብድር» የሚለውን የሚያየው በብድር መረጃ ማዕከል ነው፤ ማዕከሉንም የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ማዕከሉ ስለ ተበዳሪው የሚያውቀው አበዳሪዎቹ የላኩለትን ብቻ ሲሆን፣ አበዳሪዎችም አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ይህንኑ መረጃ ይመለከታሉ። ስለዚህ ስህተቱ የሚታየው በአዲሱ ባንክ ይሁን እንጂ የተፈጠረውም የሚታረመውም በቀድሞው አበዳሪ መዝገብ ነው። አዲሱን ባንክ መለመን ጊዜ ማባከን ነው፤ ከእርሱ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ያየውን ነገር በዝርዝር እንዲነግርዎት ነው።

መጀመሪያ፦ የተመዘገበውን በትክክል ይወቁ

«የተበላሸ ብድር አለብዎት» የሚለው መልስ ለማሳረም አይበቃም። የብድር ባለሙያውን አምስት ነገሮች ይጠይቁና ይጻፉ፤ መረጃውን የላከው አበዳሪ ማን ነው? የብድር ሒሳቡ ቁጥር ስንት ነው? ቀሪ ተብሎ የተመዘገበው ገንዘብ ስንት ነው? ብድሩ በየትኛው ደረጃ ተመድቧል? የመጨረሻው መረጃ የየትኛው ቀን ነው? ባለሙያው ሪፖርቱን አትሞ ላይሰጥዎ ይችላል፤ እነዚህን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነፍግም። ስለ ራስዎ የተመዘገበውን መረጃ መታወቂያዎንና የቲን ቁጥርዎን ይዘው ከብሔራዊ ባንክ መጠየቅም ይችላሉ።

ደረጃውን ማወቅ የሚጠቅመው ስህተቱ ከመቼ ጀምሮ ሲንከባለል እንደመጣ ስለሚያሳይ ነው። በየጊዜው የሚከፈል ብድር ክፍያው ከ 30 ቀን በታች ቢዘገይ ጤናማ ተብሎ ይቆያል፤ ከ 30 እስከ 90 ቀን ከዘገየ በልዩ ክትትል ሥር ይገባል፤ 90 ቀን ሲሞላው ከደረጃ በታች፣ 180 ቀን ሲሞላው አጠራጣሪ፣ 360 ቀን ሲሞላው ደግሞ የማይመለስ ተብሎ ይመደባል። «የተበላሸ» የሚባለው 90 ቀን ከሞላው ጀምሮ ያለው ነው። ልብ ይበሉ፤ መለኪያው ቀን እንጂ የገንዘቡ መጠን ስላልሆነ፣ ጥቂት መቶ ብር ያልተዘጋበት ሒሳብ እንደ ሚሊዮን ብር ዕዳ ሁሉ ደረጃ በደረጃ ሊወርድ ይችላል። አብዛኛው ስህተትም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሒሳብ ቁጥሩ የእርስዎ ካልሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በቲን ቁጥር አንድ አኃዝ ስህተት ወይም በስም መመሳሰል የሌላ ሰው ብድር በእርስዎ ስም ሊገባ ይችላል። ያኔ የሚያስፈልገው የክፍያ ማስረጃ ሳይሆን የማንነት ማስረጃ ነው፤ ጥያቄውም «እኔ የዚህ ተቋም ተበዳሪ ሆኜ አላውቅም» የሚል አጭር ደብዳቤ ይሆናል።

ቀጥሎ፦ የብድር ሒሳቡን ስቴትመንት ያውጡ

ብዙ ሰው የሚያወጣው የቁጠባ ሒሳቡን ስቴትመንት ነው፤ እርሱ ግን ገንዘብ ከእርስዎ መውጣቱን እንጂ በብድሩ ላይ ምን እንደዋለ አያሳይም። የሚፈልጉት የብድር ሒሳቡን ስቴትመንት ነው፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከፈጸሙበት ወር በፊት ካሉት ጥቂት ወራት ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለውን፣ ማኅተም የተደረገበትን ይጠይቁ። «ሒሳቡ ተዘግቷል፤ አይወጣም» ቢባሉ፣ የተዘጋ ሒሳብ ቀሪ ዕዳ ሊታይበት እንደማይችል በትሕትና ያስታውሷቸው።

ከስቴትመንቱ ጋር ሦስት ወረቀቶች ያስፈልጋሉ፤ ብድሩን ለመዝጋት የሚከፈለው ገንዘብ የተነገረበት ደብዳቤ ወይም የጽሑፍ መልእክት፣ የመጨረሻው ክፍያ ደረሰኝ፣ እንዲሁም ባንኩ «ዕዳ የለበትም» ብሎ የሰጠው የክሊራንስ ደብዳቤ። ክሊራንሱ የጠፋበት ሰው ባንኩ ዋስትናውን ለመልቀቅ ለመንገድ ትራንስፖርት ወይም ለመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት የጻፈውን የዕግድ ማንሻ ደብዳቤ ቅጂ ከዚያው መሥሪያ ቤት ፋይል ሊያገኝ ይችላል። የባንኩ ፊርማና ማኅተም ያለበት በመሆኑ ክርክር የሚያስነሣ አይደለም።

አንድ ጉዳይ ከነአኃዙ

አንዲት የሚኒባስ ባለቤት ብድራቸውን ከጊዜው ቀድመው ሊዘጉ ወደ ቅርንጫፉ ሄዱ። የመጨረሻውን መደበኛ ክፍያ የከፈሉት ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን የቀረው ዋና ገንዘብ 186,000 ብር፣ ወለዱም በዓመት 17 በመቶ ነበር፤ ይህም በቀን 86 ብር ከ 63 ሳንቲም ይሆናል። ቅርንጫፉ እስከ ሰኞ ሐምሌ 8 ያለውን የ 15 ቀን ወለድ 1,299 ብር ከ 45 ሳንቲም አስልቶ፣ በድምሩ 187,299 ብር ከ 45 ሳንቲም ቢከፍሉ ብድሩ እንደሚዘጋ በደብዳቤ ገለጸላቸው። ደብዳቤው ክፍያው እስከ መቼ መፈጸም እንዳለበት አይናገርም። እርሳቸው ገንዘቡን አሟልተው የከፈሉት ዓርብ ሐምሌ 12 ነበር።

ሲስተሙ ገንዘቡን ሲቀበል እንደ ደንቡ አስቀድሞ ወለዱን አነሣ። የወሰደው ግን የ 19 ቀን ወለድ፣ ማለትም 1,645 ብር ከ 97 ሳንቲም ነው፤ የተረፈው ለዋናው ገንዘብ ሲውል 346 ብር ከ 52 ሳንቲም ቀረ። ይህም የአራት ቀን ወለድ ልክ ነው። ይህን ማንም አላየም። ሐምሌ 17 ቀን ክሊራንሱ ተጻፈ፤ ሊብሬው ተመለሰ፤ ወይዘሮዋም የቁጠባ ሒሳባቸውን ባዶ አድርገው ወጡ። በቁጠባው ላይ 500 ብር እንኳ ትተው ቢሆን ኖሮ ሲስተሙ በወሩ መጨረሻ ቆርጦ ሒሳቡን በዘጋው ነበር።

የቀጣዩ ክፍያ ቀን ሐምሌ 24 ነበር፤ መዘግየቱ መቆጠር የጀመረው ከዚያ ነው። 90 ቀኑ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ሞላ፤ 360 ቀኑ ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን 2017። በጥቅምት 2018 ለሁለተኛ ተሽከርካሪ ብድር ሌላ ባንክ ሲጠይቁ፣ ወለድና ቅጣት ተጨምሮበት ከ 400 ብር ጥቂት የዘለለ «የማይመለስ» ብድር ያለባቸው ሰው ሆነው ተገኙ።

ስቴትመንትዎን ሲያነቡ መፈለግ ያለብዎት ይህን የመሰለ ነገር ነው፤ ከትልቁ የመጨረሻ ክፍያ በኋላ የቀረች ትንሽ ገንዘብ፣ ከእርሷም በታች በየወሩ የሚታከል ወለድና ቅጣት። ቀሪው የመዝጊያው ወለድ በተሰላበት የመጨረሻ ቀንና በከፈሉበት ቀን መካከል ካለው ወለድ ጋር ከገጠመ መነሻውን አገኙት ማለት ነው። ስቴትመንቱ ዜሮ ሆኖ ተዘግቶ ከተገኘ ደግሞ ስህተቱ በሒሳቡ ላይ ሳይሆን ባንኩ ወደ ማዕከሉ በላከው መረጃ ላይ ነው፤ ይህኛው ለማሳረም ይቀላል።

ስለ ቀን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የባንኮች ሲስተም የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን ደብዳቤዎቹ የሚጻፉት በእኛ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 በስቴትመንቱ ላይ ጁላይ 19 ቀን 2024 ሆኖ ይወጣል። በደብዳቤዎ ሁለቱንም ጎን ለጎን ካልጻፉ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ሠራተኛ «በተባለው ቀን የተመዘገበ ክፍያ አላገኘንም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ደርሶ አይቻለሁ።

ትንሿን ቀሪ ዝም ብለው አይክፈሉ

በዚህ ቦታ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቅርንጫፉም ሳያስበው ያሳስተዋል። «400 ብር ነው፤ ክፈሉትና ይዘጋ» ይባላል። ከፍለው ከወጡ ሒሳቡ በእርግጥ ይዘጋል፤ ነገር ግን መዝገቡ የሚናገረው ተበዳሪው ከ 360 ቀን በላይ አዘግይቶ በ 2018 እንደከፈለ ነው። የነበረው ስህተት በራስዎ ክፍያ ጸድቆ እውነተኛ የመዘግየት ታሪክ ይሆናል፤ በኋላም «ባይኖርብዎት ኖሮ ለምን ከፈሉ?» ይባላሉ።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተው ያቅርቡ። አንደኛው ቀሪው ሒሳብ እንዲዘጋ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ሒሳቡ የተዘጋበት ቀን ብድሩ በእውነት የተከፈለበት ቀን ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የተላኩት የመዘግየት መረጃዎችም በሙሉ እንዲሰረዙ ነው። ባንኩ የአራት ቀኑን ወለድ አልተውም ካለ ገንዘቡን መክፈል ነውር የለበትም፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን ክፍያው ባንኩ ባሳወቀው የመዝጊያ ሒሳብ ላይ በተፈጠረ ልዩነት ምክንያት እንጂ በተበዳሪው መዘግየት ያልመጣ መሆኑን በጽሑፍ ይቀበሉ። ቅጣቱን ግን አይቀበሉ፤ ስለ ዕዳው ሳይነገርዎ፣ ይልቁንም «ዕዳ የለብዎትም» ተብሎ ከተጻፈልዎ በኋላ የታሰበ ነውና።

ደብዳቤው

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስለ ደረሰብዎት ጉዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ቀሪው ቀን፣ ገንዘብና ጥያቄ ይሁን። በምሳሌው ጉዳይ የሚከተለው ዓይነት ደብዳቤ ተጽፎ ነበር።

> ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 28 ቀን 2025)
>
> ለ ………… ባንክ ………… ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
>
> ጉዳዩ፦ ተከፍሎ ያለቀ ብድር በብድር መረጃ ማዕከል የተበላሸ ተብሎ መመዝገቡ እንዲታረም ስለ መጠየቅ
>
> በብድር ሒሳብ ቁጥር ………… ከባንኩ የወሰድኩትን ብድር፣ ቅርንጫፉ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 15 ቀን 2024) በጻፈልኝ ደብዳቤ መሠረት ብር 187,299.45 ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 19 ቀን 2024) በመክፈል አጠናቅቄያለሁ። ባንኩም ሐምሌ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዕዳ ነጻ መሆኔን በደብዳቤ አረጋግጦ ሊብሬዬን መልሶልኛል።
>
> ይሁን እንጂ የመዝጊያው ሒሳብ እስከ ሐምሌ 8 ብቻ በመሠራቱ በሒሳቡ ላይ ብር 346.52 ክፍት ሆኖ መቅረቱንና ብድሩ የማይመለስ ተብሎ ወደ ብድር መረጃ ማዕከል መተላለፉን ሌላ ባንክ ብድር በጠየቅኩበት ጊዜ ተረድቻለሁ። ስለ ቀሪው ሒሳብ ከዚህ በፊት አልተነገረኝም።
>
> ስለሆነም፦ 1ኛ. ሒሳቡ ከሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 19 ቀን 2024) ጀምሮ ተከፍሎ እንደተዘጋ እንዲመዘገብ፤ 2ኛ. ከዚህ ቀን በኋላ ወደ ማዕከሉ የተላኩት የመዘግየትና የደረጃ መረጃዎች በስህተት የተላኩ መሆናቸው ተገልጾ እንዲሰረዙ፤ 3ኛ. እርማቱ የተላለፈበት ቀን በ 15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።
>
> አባሪ፦ የመዝጊያ ሒሳብ ደብዳቤ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የክሊራንስ ደብዳቤ፣ የብድር ሒሳብ ስቴትመንት (በቅጂ)
>
> ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ክትትል ክፍል፤ ለደንበኞች ቅሬታ ክፍል
>
> ስም፣ ፊርማ፣ የቲን ቁጥር፣ ስልክ

15 የሥራ ቀን የሚለው የጠያቂው ገደብ እንጂ የሕግ ገደብ አይደለም፤ ነገር ግን ቀን የሌለው ጥያቄ ፋይል ውስጥ ይተኛል። ዋናውን ሰነድ በጭራሽ አይስጡ፤ ቅጂ ብቻ ያያይዙ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱና በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ለሥራ አስኪያጁ በእጅ የተሰጠና ገቢ ያልተደረገ ደብዳቤ በኋላ «አልደረሰንም» ከተባለ ማስረጃ የለዎትም።

ግልባጩ ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲሄድ የሚደረገው ለማስፈራራት አይደለም። ወደ ማዕከሉ የሚሄደውን መረጃ አሰባስቦ የሚልከው ብዙውን ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ክፍል ነው። ቅርንጫፉ ሒሳቡን ቢዘጋም የቀድሞውን መረጃ ለማረም ለዚያ ክፍል መጻፍ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ ሲቀር ነው «እኛ ጋ ተስተካክሏል» እየተባለ በሌላው ባንክ የማይስተካከለው።

መልሱን በጥንቃቄ ያንብቡ

ለወይዘሮዋ የመጣው የመጀመሪያ መልስ «ሒሳቡ ተስተካክሎ ተዘግቷል» የሚል ነበር። ደስ ብሏቸው ወደ አዲሱ ባንክ ቢሄዱ፣ ቀሪው ዜሮ ሆኗል፤ የተዘጋበት ቀን ግን ኖቬምበር 2025 ነው፤ የመጨረሻው ደረጃም «የማይመለስ» እንደሆነ ቆይቷል። የብድር ኮሚቴ ይህን ሲያይ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ሴትዮዋ ዓመት ከምናምን አስጨንቀው ነው የከፈሉት። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ፤ ይህኛው ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ተራ ቁጥር 1 እና 2 የተጠየቀው አለመፈጸሙን የሚገልጽ። ባንኩ ቀሪዋን ብር 346.52 በራሱ ወጪ አወራርዶ የመዝጊያውን ቀን ወደ ጁላይ 19 ቀን 2024 መለሰው፤ በመካከል የተላኩትንም መረጃዎች አረመ።

ስለዚህ የሚቀበሉት መልስ ሦስት ነገሮችን መያዝ አለበት፤ የተዘጋበትን ትክክለኛ ቀን፣ የመዘግየት መረጃው የተላከው በባንኩ ስህተት እንደነበር፣ እርማቱም ወደ ማዕከሉ መቼ እንደተላከ። ይህ ደብዳቤ እርማቱ በማዕከሉ እስኪታይ ድረስ ለአዲሱ ባንክ ማሳያነት ይጠቅማል፤ አንዳንድ የብድር ኮሚቴዎች በደብዳቤው ብቻ ማመልከቻውን ያዩታል፤ ሌሎች ግን መረጃው ራሱ እስኪለወጥ ይጠብቃሉ። እርማቱ ተላከ ከተባለበት ቀን ጥቂት ሳምንታት ቆይተው አዲሱ ባንክ እንደገና እንዲመለከት ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ከአቅም በላይ ነው። ብድሩ ከመዘጋቱ በፊት በእርግጥ አራት ወር አዘግይተው ከነበረ፣ ያ መዘግየት እውነት ስለሆነ ከፍለው መጨረስዎ አይሰርዘውም፤ አበዳሪውም እንዲሰርዘው ሊገደድ አይችልም። በደብዳቤዎ ያንን ጊዜ ከስህተቱ ጋር ቀላቅለው ካቀረቡ፣ ባንኩ እውነተኛውን መዘግየት ጠቅሶ ጥያቄውን በሙሉ ውድቅ ለማድረግ ምክንያት ያገኛል።

አበዳሪው እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ

የጠየቁት ቀን ካለፈ በገቢ ቁጥሩ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እየጠቀሱ ለባንኩ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ይጻፉ። ብሔራዊ ባንክ በ 2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ መሠረት የፋይናንስ ተቋማት የደንበኛን ቅሬታ ተቀብለው የሚያስተናግዱበት ሥርዓት ሊኖራቸው ይገባል። ከዚያም ካልተፈታ አቤቱታው ለራሱ ለብሔራዊ ባንክ ይቀርባል፤ እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከአበዳሪው ጋር የተደረገው የጽሑፍ ልውውጥ ነው። በመዝገብ ቤት ገቢ የሆኑት ቅጂዎችዎ ከሌሉ «በቅድሚያ ባንክዎን ይጠይቁ» ተብለው ይመለሳሉ። ፍርድ ቤት መሄድ የሚያዋጣው ባንኩ ዕዳው አልተከፈለም ብሎ ከተከራከረ ነው፤ መከፈሉን አምኖ እርማቱን ብቻ ላዘገየ ባንክ የብሔራዊ ባንክ መንገድ ይቀላል።

ለብድሩ ዋስ የሆነ ሰው ካለ፣ ስህተቱ በእርሱም ስም ተመዝግቦ እንደሆነ ባንኩን በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ። ዋሱ ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚሰማው ራሱ ብድር ሲከለከል ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የእርስዎ ፋይል ተዘግቷል፤ እርሱ አዲስ ማመልከቻ ሊጀምር ነው።